አገጭ ቀና፣ አፍንጫ ዞር

በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው "ዓይኔ ደከመ" አይልም። መጀመሪያ የሚከሰሰው አምፖሉ ነው። ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱ ይወቀሳል፤ ፊደሉን ምን አሳነሰው? ከዚያ የመድኃኒት ብልቃጡ፣ የምግብ ቤቱ ሜኑ፣ የሞባይል ካርዱ በየተራ ችሎት ይቀርባሉ። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ዕድሜ ምሕረት የለውም። "ቱ"ን ከ"ቲ" የምትለየው ከጎን የወጣች አንዲት ጭረት ናት፤ ወገቡ ላይ ከሆነች አንድ ነገር፣ እግሩ ላይ ከሆነች ሌላ ነገር። አንድ ወዳጄ ለሚስቱ "ቤቱ ጋ ነኝ" ብሎ መልእክት ይልካል። እሷም አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስልኩን ዘርግታ፣ ቅንድቧን ሰብስባ "ቤቲ ጋ ነኝ" ብላ አነበበችው። ሽማግሌ ከመጠራቱ በፊት መነጽር መገዛቱ ለሁሉም በጀ።

የነገሩ ሥር ከብሌናችን ጀርባ የተቀመጠችው የተፈጥሮ ሌንስ ናት። ሩቅ ስናይ ትሳሳለች፣ ቅርብ ስናይ ታብጣለች። በልጅነት እንደ ትኩስ እንጀራ ወደፈለግነው ትተጣጠፋለች፤ ዕድሜ ሲገፋ እየደረቀች ወደ ድርቆሽነት ትጠጋለች። በሽታ አይደለም፤ ማንንም አይምርም፤ ካሮት አይመልሰውም።

የሙያው ሰዎች ይህን የመተጣጠፍ አቅም በዳዮፕተር ይለኩታል። አማካዩን ለመገመት አንድ የቆየ ቀመር አላቸው፤ ዕድሜን በ0.3 ማባዛትና ከ18.5 ላይ መቀነስ። የ10 ዓመት ልጅ 15.5 ይደርሰዋል። የ46 ዓመት ሰው፣ ማለትም የእናንተው ታዛዥ፣ 4.7 ይቀረዋል። አሁን ጋዜጣ 40 ሳንቲሜትር ላይ ልያዝ። ለዚህ ርቀት የሚያስፈልገው አቅም መቶን ለአርባ ሲያካፍሉ የሚገኘው ነው፤ 2.5። 4.7 ያለው ሰው 2.5 አውጣ ቢባል ምን ያንገበግበዋል? የሚያንገበግበው ሰው ሳይደክመው ለረጅም ጊዜ የሚያወጣው ካለው አቅም ግማሹን ያህል ብቻ መሆኑ ነው። የእኔ ግማሽ 2.35 ነው። ስለዚህ የጎደለችኝ 0.15 ናት። ይህች ትንሽ ጉድለት ናት እንግዲህ ጠዋት ደህና የሚነበበውን ጋዜጣ ማታ ላይ የምታደበዝዘው።

አምፖሉም ቢሆን ፍጹም ንጹህ አይደለም። ብርሃን ሲቀንስ ብሌን ይሰፋል፤ ብሌን ሲሰፋ ከትክክለኛው ርቀት ትንሽ ወጣ ያለው ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። በረንዳ ላይ የሚነበበው የመድኃኒት ማስታወቂያ መኝታ ቤት ውስጥ የማይነበበው ለዚህ ነው። ዓይናችን ተከሳሽ ቢሆንም አምፖሉ ግብረ አበር ነው።

ወደ መነጽር ከመሄድ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። የዕድሜው ድካም ቀስ ብሎ፣ በሁለቱም ዓይን፣ በቅርብ ላይ ብቻ ይመጣል። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ ማየት ነው። ብዥታው በአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ድንገት ከመጣ፣ ሩቁንም ከነካ፣ ወይም አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚሄድ ከሆነ ጉዳዩ የመነጽር ቤት ሳይሆን የሐኪም ነው። የስኳር መጠን ከፍና ዝቅ ሲል እይታም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ግላኮማ ደግሞ ሳያም፣ ሳያስጠነቅቅ ከጎን እየበላ የሚመጣ በመሆኑ ከአርባ በኋላ የዓይን ግፊት መለካቱ ከመነጽሩ ምርጫ ይቀድማል።

እኔም ሄጄ ተመረመርኩ። ምርመራው እንደማንኛውም ምርመራ ነው፤ ያላሰብኩት ግን የመርማሪዋን አንደበት ነበር። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ትሑት ናት። "ጋሼ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?" አለችኝ። ዕድሜዬን ከመናገሬ በፊት "ጋሼ" ብላ ነግራኝ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ትታ ስለ ሥራዬ ትጠይቀኝ ጀመር። ምን ያነባሉ? ኮምፒውተሩ ከፊትዎ ምን ያህል ይርቃል? መኪና ይነዳሉ? ደረጃ ያለው ቤት ነው የሚኖሩት? ለመነጽር የመጣሁ እንጂ ለዋስትና የመጣሁ አልመሰለኝም ነበር። በኋላ እንደገባኝ ከጥያቄዎቿ ሁሉ የሚያስፈልገው ይህ የሥራው ጥያቄ ነው። ለዚህ ድካም የሚታዘዙት የሦስቱ ዓይነት ሌንሶች ዋናው ልዩነት የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ድካሙን ለየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚያሸክሙት ነው። ሲንግል ቪዥን ለእጅ ያሸክማል፣ አውልቅ አድርግ ነው። ባይፎካል ለዓይን ያሸክማል፣ ከመስመር በላይና በታች ዝለል ነው። ፕሮግረሲቭ ለአንገት ያሸክማል።

ከእጅ እንጀምር። ሲንግል ቪዥን ማለት ከዳር እስከ ዳር አንድ ቁጥር ያለው ሌንስ ነው። ሩቁ ደህና ሆኖ ቅርቡ ብቻ ለደከመ ሰው ይህ ይበቃዋል። ለእኔ የታዘዘው ፕላስ 1.00 ነው። 40 ሳንቲሜትር የሚጠይቀው 2.5 ነበር፤ አንዱን መነጽሩ ሲችለው ለእኔ 1.5 ይቀረኛል፤ እሱን ደግሞ ሳልጨነቅ አወጣለሁ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ይላል፣ ተኝቶም ይነበብበታል፣ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። ችግሩ ቀና ሲሉ ነው። በፕላስ 1.00 ከአንድ ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፤ በፕላስ 1.50 ደግሞ ድንበሩ 67 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ስለዚህ በር ተንኳኩቶ ማን እንደገባ ለማየት መነጽሩ ይወልቃል፣ ወይም ወደ አፍንጫ ጫፍ ይወርድና ከላዩ ላይ ይታያል። ያ በልጅነታችን የምንፈራው፣ ከመነጽር በላይ አፍጥጦ የሚያየን የመምህራችን ግልምጫ ለካ ቁጣ አልነበረም፤ ኦፕቲክስ ነው።

በየእግረኛ መንገዱ አዟሪዎች ዘርግተው የሚሸጧቸው የንባብ መነጽሮችም የዚሁ ዘር ናቸው። ዓይን ያጠፋሉ የሚባለው እውነት አይደለም። ነገር ግን ለሁለቱም ዓይን እኩል ቁጥር ይሰጣሉ፣ አስቲግማቲዝም አያውቁም፣ የሌንሶቹ መካከልም በፋብሪካ የተቆረጠ እንጂ በእኔ ብሌን የተለካ አይደለም። ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ለሆኑለትና ሩቁን ጥርት አድርጎ ለሚያይ ሰው ይሠራሉ። ሲገዙ ትልቁ ስሕተት ፊደሉን ይበልጥ የሚያጎላውን መምረጥ ነው። ትክክለኛው በለመዱት ርቀት ላይ ገጹን ይዞ፣ ከዝቅተኛው ጀምሮ እየሞከሩ፣ የመጀመሪያው የሚያነብ ቁጥር ላይ መቆም ነው። ፕላስ 2.50 በጣም ያጎላል፤ ግን ንባቡን 40 ሳንቲሜትር ላይ ያስረዋል፤ ከዚያ ትንሽ ራቅ ቢያደርጉት ብዥ ይላል።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ማንሳት ይኖርብኛል፤ ካላነሳኋትም ራሷ ትነሳለች። ከተማሪነቷ ጀምሮ የሩቅ መነጽር ታደርጋለች፤ ማይነስ 1.75። ሩቁን ሳያሳይ የኖረው ዓይኗ ያለ መነጽር እስከ 57 ሳንቲሜትር ድረስ በነፃ ያያል። ጋዜጣ ስታነብ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርገዋለች፤ አለቀ። ምስር ስትለቅምም እንደዚያው። ሃያ ዓመት ሙሉ "ያንን ጽሑፍ ከዚህ ሆነሽ ማንበብ ያቅትሻል?" እያልኩ ስቀልድባት ኖሬ አሁን የክኒን ብልቃጥ ይዤ ወደ እሷ የምሄደው እኔ ነኝ። በማይነስ ከአንድ ከሩብ እስከ ሦስት አካባቢ ያሉ ሰዎች ሁለቱም ዓይናቸው ተቀራራቢ ከሆነና አስቲግማቲዝማቸው ትንሽ ከሆነ የንባብ መነጽራቸው ማውለቅ ነው። ቀድሞ የሚያዝነው ተቃራኒው ነው፤ ለሩቅም ፕላስ የሚያስፈልገው ሰው። እሱ ሩቁን ለማየት ብቻ ካለው አቅም አስቀድሞ ቀረጥ ስለሚከፍል አርባ ሳይሞላው ጋዜጣውን መዘርጋት ይጀምራል።

እንዲህ ያለ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የሒሳብ መምህር ነው፣ 47 ዓመቱ። ለሩቅ ፕላስ 0.75 ታዘዘለት፤ ለቅርብ ደግሞ በዚያ ላይ የሚጨመር፣ መነጽር ቤቶች "አድ" የሚሉት፣ 1.50። ሥራው ለሌንስ መከራ ነው። ከኋላ ወንበር ያለውን ተማሪ ያያል፣ ወዲያው የስም መጥሪያውን ያያል፣ ዞር ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ማታ ፈተና ያርማል። በሲንግል ቪዥን ቢሆን በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያወልቀውንና የሚያደርገውን ራሱ ያስላው። ስለዚህ ምርጫው ከሁለቱ አንዱ ነበር።

ባይፎካል ከሁለቱ ታላቁ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሁለት መነጽር መሸከም ሰልችቶት ሌንሶቹን ለሁለት አስቆርጦ የሩቁን ግማሽ ከላይ፣ የቅርቡን ግማሽ ከታች በአንድ ፍሬም ውስጥ አገጣጥሟል። እ.ኤ.አ. በ1785 ፓሪስ አጠገብ ሆኖ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የሰጠው ምክንያት ደስ ይላል፤ ገበታ ላይ ምግቡንም የሚያናግረውንም ሰው ፊት አብሮ ያያል፤ የተናጋሪውን ፊት ሲያይ ደግሞ ፈረንሳይኛው የተሻለ ይገባዋል። የዛሬው ባይፎካል ሙሉ ግማሽ አይደለም፤ በብዛት የሚታየው ከታች በኩል 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አናቱ ቀጥ ያለ መስኮት የተገጠመበት ሌንስ ነው። የመስኮቱ አናት ከታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ጋር እንዲገጥም ይደረጋል። ከፍ ካለ ስንሄድ ይጋርዳል፤ ዝቅ ካለ ለማንበብ ጣሪያ ማየት ይሆናል።

ስለ ባይፎካል ጥሩው ነገር በሐቅ ሲነገር፣ የማንበቢያው መስኮት ሰፊና ጥርት ያለ ነው፤ አይዋዥቅም፤ ለመልመድም አያስቸግርም። ቅሬታው በመካከል ያለውን ርቀት ይዘላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን በየትኛው ዕድሜ? የመምህሩን እንይ። በ47 ዓመት የቀረው 4.4 ነው፤ ግማሹ 2.2። በላይኛው ክፍል እያየ ሰሌዳው ላይ 50 ሳንቲሜትር ርቆ ሲጽፍ የሚያስፈልገው 2 ብቻ ነው። ይበቃዋል። ላፕቶፑም 60 ሳንቲሜትር ላይ ከዚያ ያነሰ ይጠይቃል። እንግዲህ መካከሉ ጠፋ የሚለው አቤቱታ ለእሱ ገና አልደረሰም። የ60 ዓመት ሰውን ስንወስድ ነው ነገሩ የሚለወጠው። በቀመሩ የቀረው ግማሽ ዳዮፕተር ነው፤ አዱ 2.50 ይደርሳል። በታችኛው መስኮት ከ40 ሳንቲሜትር ወዲያ አይታየውም፤ በላይኛው ደግሞ ከሁለት ሜትር ወዲህ አይጠራለትም። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ፣ ማለትም የሱቅ መደርደሪያው፣ የመኪናው ዳሽቦርድ፣ ገበታው ላይ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ወጥ፣ የማንም አይደለም።

በማንኛውም ዕድሜ የሚያስቸግረው ግን ደረጃው ነው። ወደ እግር ሲታይ ዓይን የሚያልፈው በታችኛው መስኮት በኩል ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የተሠራው ለጋዜጣ ርቀት እንጂ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ላለ ጫማ አይደለም። ብዥታው አንድ ነገር ሆኖ ዓይን መስመሩን ሲሻገር ምስሉ ዘለል ይላል። በመምህሩ ቁጥር ሲሰላ ዝላዩ በእግሩ ርቀት ላይ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ከሚኒባስ ሲወርዱ ግን ትንሽ አይደለም። መድኃኒቱ አገጭን ወደ ደረት አውርዶ ደረጃውን በላይኛው ክፍል ማየት ነው።

መምህሩ ባይፎካልን ያልወሰደው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ይምላል። እኔ የምጠረጥረው መስመሯን ነው። ያቺ መስመር ከሦስት ሜትር ርቀት ዕድሜን ታውጃለች፤ ሠላሳ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ አዋጅ ዓይኑ የፈጠነ ነው።

ፕሮግረሲቭ መስመር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳዊው በርናር ሜትናዝ የሠራው ቫሪሉክስ ለገበያ ከበቃ ወዲህ የተስፋፋ ነው። ከብሌኑ ትይዩ የሩቁ ቁጥር ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ታች ሲወርዱ ቁጥሩ ሳያሳውቅ ቀስ በቀስ እየጨመረ ማንበቢያው ላይ ይደርሳል። መካከሉ ላይ የኮምፒውተሩም የዳሽቦርዱም ቦታ አለ። ይህን የሰማ ሰው የምን ባይፎካል ይላል። ሒሳቡን ግን አልሰማም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሚንክዊትስ የተባለ ጀርመናዊ በሒሳብ ያረጋገጠው አንድ ሕግ አለ። ቁጥሩ ወደ ታች በሚጨምርበት ፍጥነት ልክ፣ በእጥፍ፣ ወደ ጎን ብዥታ ይወለዳል። ፋብሪካ ይህን ሕግ ሊሽረው አይችልም፤ ብዥታውን ገፋ፣ ዘርጋ፣ ለስለስ ማድረግ ብቻ ነው የሚችለው። የመምህሩ አድ 1.50 ነው፤ ቁጥሩ የሚጨምርበት መተላለፊያ 14 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው እንበል። በግምት ሲሰላ ግማሽ ዳዮፕተር ብዥታ ሳይደርስበት በመተላለፊያው ውስጥ የሚያገኘው ስፋት ወደ 4.7 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይኸው ሰው ወደ ስድሳ ደርሶ አዱ 2.50 ሲሆን ስፋቱ ወደ 2.8 ይወርዳል።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ፕሮግረሲቭን ለመልመድ የሚሻለው ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ አዱ ትንሽ፣ መተላለፊያው ሰፊ ሆኖ ሳለ። "አሁን በሲንግል ልግፋ፣ ሲብስ ፕሮግረሲቭ አደርጋለሁ" የሚል ሰው የሚገባው በጠበበ በር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፍሬም ነው። ፋሽን ብሎ ቁመቱ አጭር የሆነ ፍሬም የመረጠ ሰው ወይ አጭር መተላለፊያ ይሰጠዋል፣ ያኔ ስፋቱ ይጠብባል፤ ወይ የማንበቢያው ክፍል በመቁረጫው ማሽን ይወድቃል፣ ያኔ የከፈለበትን ሌንስ ግማሹን ወለል ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ከብራንዱም ከዋጋውም በላይ ወሳኙ ልኬቱ ነው። በሩ 4.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ሁለት ሚሊ ሜትር መሳት ማለት ግድግዳ መግጨት ነው። ስለዚህ ለፕሮግረሲቭ ከአፍንጫ መሐል እስከ ብሌን ያለው ርቀት ለቀኙ ለብቻ፣ ለግራው ለብቻ ይለካል፤ የብዙ ሰው አፍንጫ መሐል ላይ አይደለምና። ቁመቱ የሚለካው ደግሞ ፍሬሙ ፊት ላይ በሥርዓት ከተስተካከለ በኋላ፣ ባለሙያው ፊት ለፊት በእኩል ከፍታ ሆኖ፣ ብሌኑ ያረፈበትን ቦታ የማሳያው ሌንስ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ በማድረግ ነው። ፍሬሙ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ "ልኬቱን ከድሮው ወረቀት እንወስደዋለን" የሚል ቤት ሲንግል ቪዥን ይሽጥልኝ፤ ፕሮግረሲቭ ግን አይሠራልኝም።

የመምህሩ መነጽር ሲመጣ ሩቁ ደህና ነው፣ ሰሌዳው ደህና ነው፣ ፈተና ሲያርም ግን ወረቀቱን ወደ ግራ ገፋ ካላደረገ አይጠራለትም። የሠራለት ቤት "ይለምዱታል" አለው። እውነት ነው፤ ፕሮግረሲቭ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት መልመጃ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ ወለሉ ይዋኛል፣ የበር መቃን ጎበጥ ይላል፣ ይህ ያልፋል። የተሳሳተ ልኬት ግን አይለመድም። ልዩነቱን መለየት ይቻላል። ወረቀቱን ወደ አንድ ጎን ሲያዞሩ ብቻ የሚጠራ ከሆነ የጎን ልኬቱ ስቷል። ሩቁ የሚጠራው አገጭ ሲወርድ ብቻ ከሆነ ሌንሱ ከፍ ብሎ ተገጥሟል። ለማንበብ አገጭ ወደ ሰማይ የሚቀና ከሆነ ዝቅ ብሎ ተገጥሟል፤ ይህኛው አንዳንዴ የአፍንጫ መደገፊያውን በማስተካከል ብቻ ይድናል።

መምህር አይደል፣ ማስረጃ ይዞ ሄደ። በፕሮግረሲቭ ሌንስ ላይ ብርሃን ሲመታው ብቻ የሚታዩ ሁለት በጣም ደቃቅ የተቀረጹ ምልክቶች አሉ፤ በመካከላቸው 34 ሚሊ ሜትር አለ። በጆሮ በኩል ካለው ምልክት ሥር አዱ በቁጥር ተቀርጿል። እነዚህን ይዞ የፋብሪካው ሰንጠረዥ ላይ ሲያስቀምጡት የብሌኑ መስቀል የት እንደሚያርፍ እንደገና በቀለም ይሣላል። ሣሉት፤ አደረገው፤ ባለሙያው ፊት ለፊት ቆሞ አየ። የቀኙ መስቀል ከብሌኑ ወደ አፍንጫ ሁለት ሚሊ ሜትር ገብቷል። ሌንሱ እንደገና ተሠራ፤ ወረቀቱም ወደ መሐል ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መነጽር ቤት ለሚሄድ ሁሉ የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ አዲስ ፕሮግረሲቭ ከነቀለም ምልክቱ ሲመጣ በአልኮል ከመጠረጉ በፊት አድርጋችሁ በመስተዋት መስቀሉ ብሌናችሁ ላይ መዋሉን እዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የአንገት ሥራ ነው። በጎን ዓይን መገላመጥ በፕሮግረሲቭ ቀረ። የሚታየውን ነገር በአፍንጫ መጠቆም ያስፈልጋል፤ አፍንጫ የዞረበት ይጠራል፣ አፍንጫ ያልዞረበት ይደበዝዛል። መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ጭንቅላት ከነአንገቱ ይዞራል። ደረጃ ሲወርድ አገጭ ይወርዳል፤ ላፕቶፕ ሲታይ አገጭ ትንሽ ቀና ይላል፤ ስለዚህ ስክሪኑን ከፍ አድርጎ የሰቀለ ሰው ማታ ማጅራቱን ያሻል። አልጋ ላይ በጎን ተኝቶ ማንበብማ አይታሰብም፤ ለዚያ አሮጌው ሲንግል ቪዥን ትራስ ሥር ይኑር። መምህሩ ክፍል ውስጥ መኮረጅ የጠረጠረውን ተማሪ ድሮ በዓይኑ ጠርዝ ይይዘው ነበር። አሁን አፍንጫውን ሲያዞር ተማሪው ቀድሞ ያየዋል።

እኔ እስካሁን በፕላስ 1.00 ሲንግሌ ነኝ፤ ሩቁ ደህና ስለሆነ፣ ቀኑን የምውለው አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ እጄም ሌላ ሥራ ስለሌለው። ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ግን ሃምሳ አምስት የሞላው ባለ ባይፎካል ነው፤ ሥራውም ከሁላችን የከፋ ነው። የሚፈልገው መድኃኒት ሁልጊዜ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ የቅርብ ማያው ደግሞ የመነጽሩ ታችኛው ክፍል ላይ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በመነጽሩ ግርጌ ሽቅብ ሲያይ ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል። ባይፎካልም ፕሮግረሲቭም ከራስ በላይ ላለ ቅርብ ነገር አይሆኑም፤ መኪና ሥር ተኝቶ ለሚሠራ መካኒክም እንደዚሁ። ለመደርደሪያው ተብሎ በልኩ የተሠራ ሲንግል ቪዥን እንዲጨምር ነገርኩት። ብልቃጡን አውርዶ፣ አገጩን መልሶ፣ ከመስመሩ በላይ በኩል አየኝ።

"ሁለት መነጽር? አንዱን የት እንዳስቀመጥኩት በየትኛው ልፈልገው ነው?"